የቆጠራ ወረቀታችንን ላነበበችልን እህት

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ሰኔ 30 በመጣ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል። አምና የዓመት መዝጊያ ሒሳቡን የሠራልኝ ሰው (ስሙን አልጠራም፣ እሱ ያውቀዋል) ሱቄን በእግሩ እንኳን አልረገጠም። የቆጠራ ወረቀቶቹን በስልክ ፎቶ አንስቼ ላኩለት፣ ብሩን ተቀበለ፣ አንድ ድምር ሰደደልኝ። «ይሄ ሁሉ ዕቃ መቼ ነው ያለኝ?» ብለው «አንቺ የጻፍሽውን ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። የቀረው ዕቃ ዋጋ ሲጋነን ትርፉም በወረቀት ያብጣል ለካ! ግብሩን ግን ከኪሴ ነው የከፈልኩት።

ዘንድሮ ጎረቤቴ የጠቆመችኝ የሒሳብ ባለሙያ ሐምሌ 4 ቀን በዚያ ዝናብ ጭቃ በጭቃ ሆና መጣች። ሻይ እንኳን ሳትጠጣ ወረቀቱን ዘረጋች። «ሚስማር፣ 14» ይላል። «14 ምን?» አለች። ታናሽ ወንድሜ ነው የቆጠረው፤ የተከፈተ 14 ኪሎ ማለቱ ነበር። ደረሰኙ ላይ ያለው ደግሞ የካርቶን ዋጋ ነው፤ 25 ኪሎው 3,750 ብር። ዝም ብሎ ያባዛ ሰው 52,500 ያወጣል። እሷ ካርቶኑን ለ25 አካፍላ ኪሎውን 150 ብር አደረገችው፤ 2,100 ብር ብቻ! ከአንድ መስመር ላይ 50,400 ብር ወረደ።

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን «ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ የወረቀቱ ነው፤ መለኪያ የሚጻፍበት ቦታ የለውም» አለችው። ማስመሪያ አንስታ ከብዛቱ ጎን አንድ ዓምድ አሰመረችለት። እኔ ይቺን አልረሳትም። አምና እኮ በዚያ ሰውዬ ምክንያት ልጁን ስቆጣው ከርሜያለሁ።

የበር ቁልፉ ደግሞ 11 ይሁን 17 አይለይም። አልገመተችም። መደርደሪያው ላይ ራሷ ስትቆጥር 9 አገኘች። ከሐምሌ 1 ወዲህ ያሉትን ደረሰኞች አገላበጠች፤ 2 ተሸጧል፣ የገባ የለም። ስለዚህ ሰኔ 30 የነበረው 11 ነው። የድሮውን ቁጥር ሳትፍቅ በአንድ መስመር ሰርዛ አጠገቡ ጻፈች፣ ሁለታችንንም አስፈረመችን። ቀለሙን ደግሞ እኔ በመሸጫ ዋጋ ልመታው ስል «ያልተሸጠ ዕቃ ገና አላተረፈም፤ በገዛሽበት ነው» ብላ መለሰችኝ። ሌላ ሌላም ነገረችኝ፣ ግማሹ አልገባኝም፣ እውነቱን ለመናገር።

እባካችሁ ሱቅ ያላችሁ ሰዎች፣ እሷን ያዙ! ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። እናቴ ቤት ያለው ጓዳ እንኳን አልቀረም፤ ወንድሜ ትናንት ሽንኩርቱን ቆጥሮ «በኪሎ ነው በፍሬ?» ሲላት ሰማሁት።