ብዙ ጊዜ ማሸነፍ ወይስ ትልቅ ማሸነፍ?

ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለው ቻርት ላይ ከሚከራከሩት አንዱ «ከ10 ትሬድ 7ቱን አሸንፋለሁ» ይላል። ጓደኛው የሚያሸንፈው 4ቱን ብቻ ነው። የሁለቱም ስቶፕ ሎስ፣ ማለትም ከስረው የሚወጡበት ገደብ፣ 10 ዶላር ይሁን።

የመጀመሪያው፦ ታርጌቱ 5 ዶላር። በ100 ትሬድ 350 አግኝቶ 300 ይከስራል፤ 50 ይተርፈዋል።

ሁለተኛው፦ ታርጌቱ 20 ዶላር። 800 አግኝቶ 600 ይከስራል፤ 200 ይተርፈዋል። በአማካይ በትሬድ 2 ዶላር ማለት ነው።

አሁን በየትሬዱ 1 ዶላር ስፕሬድ፣ ማለትም የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ልዩነት፣ ቀንሱ። የመጀመሪያው 50 ዶላር ከሰረ! ሁለተኛው ግን 100 ቀረለት።

ችግሩ፣ ሁለተኛው ልብ ያደርቃል። ስድስት ሰባት ኪሳራ በተከታታይ ቢመጣ አይገርምም። ያኔ ደንግጦ በ8 ዶላር ትርፍ የሚወጣ ሰው ስሌቱን ራሱ አፈረሰው።

ስፕሬዱ በጣም ጠባብ ከሆነ የመጀመሪያው ያስኬዳል። ሁለተኛው በአንድ ትሬድ ከካፒታሉ 1 በመቶ ብቻ ለኪሳራ ለሚያጋልጥ ሰው ይስማማል።