አባቴን ለምታይልን ነርስ ምስጋና፣ የአልጋ ቁስል ለሚያሰጋው ቤተሰብ ደግሞ ጥቆማ

ቤት ለቤት እየመጣች አባቴን የምታይልንን ሲስተር በአደባባይ ማመስገን ከፈለግኩ ቆየሁ። ስሜን አትጥሪ ስላለችኝ ስሟን አልጽፍም። የሠራችውን ግን እጽፋለሁ፤ ቤቱ የተኛ ሰው ላለበት ይጠቅማል።

አባቴ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም። በራሱ መገላበጥም አይችልም። ሲስተርን የጠራናት የሽንት ቱቦውን እንድትቀይርለት ብቻ ነበር። ቀየረችና ጓንቷን አውልቃ፣ እጇን ታጥባ፣ «አባባ፣ ጀርባዎንም ልይልዎት?» አለችው። ማንም አልጠየቃትም።

ወደ ጎን አዘንብለን ያዝነው። ከወገቡ በታች፣ ከመቀመጫው መሃል ከፍ ብሎ ባለው አጥንት ላይ በጣቶቿ ጀርባ ዳሰሰች፣ ከዚያ ትንሽ ራቅ ብላ ዳሰሰች፣ ተመልሳ ደግሞ እዚያው። እኔ ባየው ምንም የለም። «አንቺም ንኪው» አለችኝ። ስነካው ከዙሪያው ሞቅ ይላል፣ ጠንከርም ይላል። ብርሃን ቀረብ አድርገን ስናየው ከሌላው ቆዳው ትንሽ የጠቆረ ቦታ ነው። የአልጋ ቁስል የመጀመሪያ ደረጃ ይሄ ነው። ቆዳው አልተከፈተም፣ አይደማም፣ ግን ሥሩ እየተጎዳ ነው።

ብዙ ቦታ የሚነገረን «ቀይ ነገር ካያችሁ» የሚል ነው። ነጣ ባለ ቆዳ ላይ ይሠራል፤ ቀዩን ቦታ በጣት ለ3 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ሲለቁት ነጥቶ ካልተመለሰ የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል፣ ሲጫኑትም መንጣቱ አይለይም። ስለዚህ በእጅ ነው የሚታወቀው። ከዙሪያው ከሞቀ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ከጠነከረ ወይም እንደ ረጠበ ስፖንጅ ከሰረገ፣ ሲነካ ካመመው ወይም ከቆጠቆጠው፣ ዓይን ባያየውም ምልክት ነው። ቆዳው ከተላጠ ወይም ውሃ ከቋጠረ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል ማለት ነው። የኛ እዚያ አልደረሰም ነበር።

የሚሆነው ነገር ሲገባችሁ ሥራው ይቀላል። የሰውነት ክብደት ቆዳውን በአጥንትና በፍራሽ መሃል ይጨፈልቀዋል፣ ደም ሥሮቹ ይዘጋሉ፣ ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል። ስለዚህ ዋናው መድኃኒት ቅባት አይደለም፤ ከዚያ ቦታ ላይ ክብደቱን ማንሳት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ሲስተር በጣም ያስደነቀችኝ። ከሆስፒታል ስንወጣ «በየ2 ሰዓቱ በጎኑ አገላብጡት» ተብለን ነበር፣ እኛም ሙሉ በሙሉ በጎኑ ነበር የምናስተኛው። እሷ ይሄን አልወደደችውም። ሰው ቀጥ ብሎ በጎኑ ሲተኛ ክብደቱ በሙሉ የዳሌ አጥንት ጫፍ ላይ ያርፍና ሌላ ቁስል እዚያ ይወጣል። ከጀርባው 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ይበል አለች። አንድ ትራስ ከትከሻው እስከ ዳሌው ከጀርባው በኩል ሸጎጥ አደረገች፣ በጉልበቶቹ መሃል ሌላ ትራስ አስገባች። ወደማይታዘዘው ቀኝ ጎኑ ስታዘነብለው ደግሞ ትከሻው ከሥሩ እንዳይጨፈለቅ ቀስ ብላ ወደፊት አወጣችው።

«አሁን እጅሽን መዳፍሽን ወደ ላይ አድርገሽ ከወገቡ ሥር ላኪ» አለችኝ። ላክሁ። አጥንቱ መዳፌን ነካው። «ገና ነው፣ ፍራሹ ላይ ነው ያለው።» ትራሱን ትንሽ ገፋ አድርጋ እንደገና ሞከርን። እጄ ያለ ችግር ገባ፣ አጥንቱም አልተጫነኝም። «በቃ፣ እንዲህ ሲሆን ነው የተገላበጠው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜም እኔም ሳንፈትሽ አንሄድም። ዲግሪውን በዓይን መገመት ያስቸግራል፤ እጅ ግን አይሳሳትም።

ተረከዙንም እንዲሁ። ትራሱን ከቁርጭምጭሚቱ ሥር ሳይሆን ከባቱ ሥር በቁመቱ አስቀመጠችው፣ ተረከዞቹ ምንም ሳይነኩ አየር ላይ ቀሩ። ጉልበቱ በትንሹ ይታጠፍ፣ ተወጥሮ አይቅር።

ሽቅብ ስናወጣውም በብብቱ ይዘን መጎተት ቀርቷል። ከሥሩ የታጠፈ አንሶላ አለ፣ ሁለት ሆነን በግራና በቀኝ ጨብጠን ብድግ አድርገን እናዛውረዋለን። ሲጎተት ቆዳው አንሶላው ላይ ይቀራል፣ አጥንቱ ይሄዳል፣ በመሃል ያለው ይቀደዳል። አልጋው ከራስጌ በኩል ብዙ ከፍ ሲልም ሰውየው ቁልቁል ስለሚንሸራተት ያው ነው። ስለዚህ ከምግብ ሰዓት ውጭ ከ30 ዲግሪ በላይ አናነሳውም።

ሰዓቱን በተመለከተ ድርቅ ያለች አይደለችም። በየ2 ሰዓቱ በማገላበጥ ጀምሩ አለች፣ በጀርባው ግን ለጊዜው አታስተኙት፣ ግራና ቀኝ ብቻ። ካገላበጣችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀድሞ ተኝቶበት የነበረውን ጎን ዳስሱ፤ ሙቀቱ ወይም ምልክቱ ካልጠፋ 2 ሰዓት በዝቶበታል፣ አሳጥሩ። ቆዳው ደህና ከሆነና ፍራሹ ጥሩ ከሆነ ሌሊት ሊረዝም ይችላል። የአየር ፍራሽ የሸጠልን ሰው «ከዚህ በኋላ ማገላበጥ የለም» ብሎን ነበር። ሲስተር ሳቀች። ፍራሹ ያግዛል እንጂ አይተካም።

የቆዳውን ነገር ባጭሩ ልበለው። የጠቆረውን ቦታ ማሸት ከለከለችን፣ የተጎዳውን ሥጋ ያባብሰዋል። አልኮልና ፓውደር ከአልጋው አጠገብ ተነሱ። መሃሉ ክፍት የሆነው ቀለበት ትራስም ተነሳ፣ ጠርዙ ዙሪያውን ተጭኖ ደሙን ያግዳልና። ሰገራ ሲወጣ ወዲያው ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ ሳይፈተግ በጨርቅ ጫን ጫን ተደርጎ ደርቆ፣ ስስ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ቅባት ይቀባል። ዚንኩን በየጊዜው ሙልጭ አድርጎ መፋቅ አያስፈልግም፣ የቆሸሸው ብቻ ተነስቶ ከላዩ ይደረባል። ምግቡ ላይም ፕሮቲን እንድንጨምርለት ነግራናለች።

በጥቂት ቀናት ውስጥ መጀመሪያ ሙቀቱ ጠፋ፣ ቀጥሎ ጥንካሬው ላላ። ጥቁረቱ ግን ቶሎ አልለቀቀም፣ እኛም ሰጋን። እሷ በእጇ ዳስሳ «ቀለሙ ዘግይቶ ነው የሚሄድ፣ ሥሩ ለስልሷል» አለች።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ድንበሯን ስለምታውቅ ነው። ቆዳው ሳይከፈት ወይን ጠጅ መስሎ ከበለዘ፣ ከተከፈተ፣ ከሸተተ፣ መግል ካወጣ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ «እኔን አትጠብቁ፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት» ብላ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግራናለች። ሁሉን እቤት እጨርሳለሁ የሚል ባለሙያ እኔን ያስፈራኛል።

እሷን ማግኘት ለማትችሉ፣ ሌላ ነርስ ስትቀጥሩ ሥራዋን እያሳየች በእናንተ እጅ ታሠራችሁ እንደሆነ እዩ። በሳምንት አንዴ የምትመጣ ሰው በየ2 ሰዓቱ አታገላብጥም፤ የምታገላብጡት እናንተ ናችሁ።

እሷን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት አገናኛችኋለሁ። ስትጽፉ የተኛው ሰው በራሱ መገላበጥ ይችል እንደሆነ፣ ዳይፐር ያደርግ እንደሆነ፣ ቆዳው የተከፈተ ቦታ እንዳለው አብራችሁ ንገሩኝ። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነው።