«ሰነዶቹ ተያይዘዋል» ወይስ «በሰነዱ ውስጥ ይህን ይዩልን»?

አንድ ኢሜይል ባለ 14 ገጽ የውል ረቂቅ፣ ባለ 3 ሺት የበጀት ኤክሴል እና የፎልደር ሊንክ አለው እንበል።

የመጀመሪያው አጻጻፍ «ሰነዶቹ ተያይዘዋል፤ አይተው አስተያየት ይስጡን» ይላል። ለላኪው ቀላል ነው። ተቀባዩ ግን የቱን አስቀድሞ እንደሚከፍት፣ ምን እንደተለወጠም አያውቅም። ጉድለቱ የሚታወቀው በመልሱ ነው፤ «ደርሶኛል» የሚል ብቻ ይመጣል፣ ወይም ውሳኔ የሚሻው አንቀጽ ተዘሎ የፊደል ግድፈት ይታረማል።

ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦

«የውሉ ረቂቅ፦ የተለወጠው አንቀጽ 4 ብቻ ነው። የክፍያው ጊዜ ከ30 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ መስማማትዎን ያሳውቁን። በጀቱ፦ «ማጠቃለያ» የሚለውን ሺት ይዩ፤ የትራንስፖርት ወጪው ገና ግምት ነው። ሊንኩ የቀድሞ ቅጂዎችን ይዟል፤ ማነጻጸር ካልፈለጉ መክፈት አያስፈልግዎትም።»

እዚህ ተቀባዩ ውሉን ሳይከፍት ጥያቄውን ያውቀዋል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በተለይ ጠቃሚ ነው፤ የማይነበበውን መንገር የሰውን ጊዜ ያተርፋል።

ይህም ቢሆን የራሱ አደጋ አለው። ፋይሉ በመጨረሻ ሰዓት ከታረመ የገጽ ቁጥር ይዛባል፤ ስለዚህ በገጽ ፈንታ የአንቀጽ ቁጥር ወይም ርዕስ መጥቀስ ይሻላል። መግለጫውንም የተያያዘውን ቅጂ ከፍቶ ማመሳከር ነው፤ ከትውስታ የተጻፈ መግለጫ አንባቢውን ወደ ሌለ ለውጥ ይመራዋል። ሊንኩም ተቀባዩ ፈቃድ ከሌለው አይከፈትለትም።

ተቀባዩ ራሱ የጠየቀው አንድ ገጽ ሰነድ ከሆነ ግን የመጀመሪያው አጻጻፍ ይበቃል።