ዋናው ቶፖ ካርታ ወይስ ቅጂው? ለውሃ መስመር ካርታ ለምትገዙ

ከደብረ ማርቆስም ከሞጣም የሚደውሉልኝ ወዳጆቼ ጥያቄያቸው አንድ ሆኗል፤ «ምንጭ ልናጎለብት ነው፣ ቶፖ ካርታ ያስፈልገናል፣ ቅጂው በርካሽ ተገኝቷል፣ እንውሰደው?» አትውሰዱ። ገንዘብ ካላችሁ ዋናውን የ1:50,000 ሉህ ግዙ። ገንዘብ ካጠራችሁም ዋናውን ግዙ። ምክንያቱ የወረቀቱ ጥራት አይደለም፤ ስኬሉ ነው።

በዋናው ሉህ ላይ ስሌቱ ቀላል ነው። 1:50,000 ማለት በካርታው ላይ ያለ 1 ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 50,000 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 500 ሜትር ነው። ስለዚህ በማስመሪያ የለካችሁትን ሴንቲ ሜትር ለሁለት ስታካፍሉት ኪሎ ሜትር ይሆናል። 12 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 6 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ግን የሚሠራው ወረቀቱ በታተመበት መጠን እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ካርታው በፎቶ ኮፒ ሲያንስ ግርጌው ላይ የተጻፈው «1:50,000» አብሮ አይለወጥም። ፊደሉ ያንሳል እንጂ ቁጥሩ ያው ነው፤ ገዢውም ያንኑ ቁጥር ያምናል።

በጮቄ ግርጌ ያለ አንድ የውሃ ኮሚቴ የደረሰበትን ልንገራችሁ። ከኤ3 ወደ ኤ4 ያነሰ ቅጂ ገዙ። ከምንጩ እስከ ቦኖው ያለው መስመር በማስመሪያ 8.5 ሴንቲ ሜትር መጣላቸው። ለሁለት አካፈሉ፣ 4.25 ኪሎ ሜትር ሆነ፣ ባለ 100 ሜትር ጥቅል ቱቦ 43 አዘዙ። ቱቦው ሲዘረጋ መንደሩ ጋ ሳይደርስ አለቀ።

ቅጂውን አየሁት፤ የስህተቱ ምንጭ የግሪድ መስመሮቹ ላይ ይታያል። በዋናው ሉህ ላይ ካሬዎቹ በመሬት አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር ናቸው፤ በወረቀቱ ላይ የእያንዳንዳቸው ጎን 2 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። አሥር ካሬ በተከታታይ ስትለኩ 20 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። በእነርሱ ቅጂ ላይ አሥሩ ካሬ 14.1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። እንግዲህ በዚያ ወረቀት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር 1.41 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። 8.5ን ለ1.41 ስታካፍሉት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። 43 ጥቅል ሳይሆን 60 ነበር የሚያስፈልገው። በካርታው ላይ ያተረፉት ገንዘብ የአንዱን ጥቅል ዋጋ እንኳ አይሸፍንም፤ የጎደላቸው ደግሞ 17 ጥቅል ነው። የመጓጓዣው፣ ሁለተኛ የተጠራው ባለሙያ ክፍያና ጉድጓዱ ተከፍቶ የቆየበት ጊዜ አልተቆጠረም።

ካርታው አነሰም አላነሰም እውነቱን የሚናገር አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ግርጌ ላይ እንደ ማስመሪያ የተሰመረው የስኬል መስመር ነው። ወረቀቱ ሲያንስ መስመሩም አብሮ ያንሳል፣ ስለዚህ ርቀቱን በእርሱ ብትለኩ ትክክለኛውን ታገኛላችሁ። ክፉው ነገር ቅጂ ሻጮች ወረቀት ለመቆጠብ ግርጌውን ቆርጠው ማውጣታቸው ነው፤ የኮሚቴው ቅጂም «1:50,000» የሚለው ጽሑፍ ብቻ ቀርቶለት መስመሩ ተቆርጦ ነበር።

መስመሩ ካለም አለካኩን እወቁ። የወረቀት ቁራጭ ጠርዝ በሁለቱ ነጥቦች ላይ አስጠግታችሁ ምልክት አድርጉና ወደ መስመሩ ውሰዱት። ዜሮው ግን ከግራው ጫፍ ላይ አይደለም። ከዜሮ በስተግራ በመቶ ሜትር የተከፋፈለ አንድ ኪሎ ሜትር አለ፤ እርሱ ለትርፍራፊው ነው። የቀኝ ምልክታችሁን ሙሉ ኪሎ ሜትር ላይ አሳርፋችሁ የግራው ምልክት ከዜሮ በስተግራ ስንት ክፍል እንደወጣ ትቆጥራላችሁ። ከግራው ጫፍ የጀመረ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ያጣል፤ ይህም አሥር ጥቅል ቱቦ ነው።

ሌላው አማራጭ የ1:250,000 ሉህ ነው፤ ብዙዎች የሚጠይቁኝ «አንዱ ሉህ ሰፊ አገር ይዟል፣ ይረክሳል» ብለው ነው። ሂሳቡ ትክክል ነው። አንዱ የ1:250,000 ሉህ የሚሸፍነውን ለመሸፈን 24 የ1:50,000 ሉሆች ያስፈልጋሉ። ከቡሬ እስከ ባሕር ዳር ለሚጓዝ ሰው ወይም ወረዳዎችን ለሚያይ ሰው እርሱን እመርጣለሁ። ለቱቦ ግን አይሆንም። እዚያ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር 2.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ የእኛ 6 ኪሎ ሜትር 2.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ትሆናለች። በእርሳስ ጫፍ የምትስቱት አንድ ሚሊ ሜትር 250 ሜትር፣ ሁለት ጥቅል ተኩል ነው። በ1:50,000 ላይ ያው ስህተት 50 ሜትር፣ ግማሽ ጥቅል ነው። መንገዱም ጠመዝማዛነቱ ተቀንሶ ስለሚሳል በክር ብትለኩት እንኳ ያጥራል። ከደጀን ጎሐ ጽዮን በቀጥታ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዓባይን ወርዶ የሚወጣው መንገድ ግን 40 አካባቢ ነው። በትንሽ ስኬል ከሁሉ በፊት የሚጠፋው እንዲህ ያለው መጠምዘዝ ነው።

ስለ ቁልቁለቱ የሚጨነቁም አሉ፤ ካርታ አግድም ርቀት ብቻ ይሰጣልና። በ6 ኪሎ ሜትር ውስጥ 600 ሜትር ቢወርድ ቱቦው የሚጨምረው 30 ሜትር ግድም ነው፤ ያስደነግጥ የነበረው ጉዳይ እንዲህ ትንሽ ነው። የሚጨምረው መጠምዘዙ ነው፤ ስለዚህ መስመሩ የሚሄድበትን ጎን እየተከተላችሁ በስፌት ክር ለኩ፣ ክሩንም ዘርግታችሁ በማስመሪያ አንብቡ።

ቅጂው ጥቁርና ነጭ መሆኑም ሌላ ጣጣ ነው። በዋናው ላይ ኮንቱሩ ቡናማ፣ ወንዙ ሰማያዊ ነው። በቅጂው ሁሉም ጥቁር ስለሆነ፣ ኮንቱሩ በተጠጋጋበት የጮቄ ሸለቆ ውስጥ ክሩን በየትኛው መስመር ላይ እንደምታስኬዱ ይጠፋችኋል።

ዋናውን ለማግኘት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ይጠይቅ ይሆናል፤ የሚሄድ ሰው ካለ የድጋፍ ደብዳቤ አስይዛችሁ ላኩት። በእጃችሁ የሚቀርበው ደግሞ «ዋናው ነው» ቢባልም ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። አሥር ካሬ ወደ ጎን፣ አሥር ካሬ ወደ ላይ ለኩ፤ ሁለቱም 20 ሴንቲ ሜትር ካልሆኑ ገንዘባችሁን አታውጡ። ሁለቱ እርስ በርስ ከተለያዩ ወረቀቱ በአንድ ወገን ተስቧል፤ እንዲህ ያለውን አንድ የስኬል ቁጥር አያስተካክለውም። ቅጂ ቀድማችሁ ገዝታችሁ ሁለቱ አቅጣጫ እኩል ከመጣላችሁ ደግሞ ግርጌው ላይ ያለውን 1:50,000 በእስክሪብቶ ሰርዙና የለካችሁትን ጻፉበት፤ ለምሳሌ «1 ኪሎ ሜትር = 1.41 ሴንቲ ሜትር»።