አንድ ሰርቨር ወይስ ሁለት? ሥዕሉን አይቶ መምረጥ

ለደብረ ማርቆስ ነጋዴዎች የጤፍ ዋጋ የሚያሳይ ትንሽ ዌብ አፕ እንውሰድ።

```
ስልክ --443--> [nginx] --8000--> [app] --5432--> [postgres]
```

እያንዳንዱ ሳጥን ኮንቴይነር ነው። ቀስቱ ግንኙነት፣ ቁጥሩ ደግሞ ፖርት ነው። በኮንቴይነሮቹ ዙሪያ ትልቅ ሳጥን ብትስሉ፣ እሱ ሰርቨሩ ነው። አንድ ይሁን ሁለት?

አንድ ሰርቨር፦ ኪራዩ ይቀላል፤ የሚጠበቀውም ማሽን አንድ ብቻ ነው። የ5432 ቀስት ከትልቁ ሳጥን ስለማይወጣ ፖርቱን ወደ ውጭ አትክፈቱት። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፦ በዶከር `ports` ላይ `5432:5432` ከተጻፈ፣ ፋየርዎሉ `ufw` ዘግቶታል ብላችሁ ብታስቡም ለዓለም ክፍት ይሆናል። ሌላው ስጋት ሜሞሪ ነው። በገበያ ቀን ተጠቃሚ ሲበዛ ኮንቴይነሮቹ ይሻሙበታል። `docker ps -a` ላይ `Exited (137)` ካያችሁ መጀመሪያ ሜሞሪውን ጠርጥሩ።

ሁለት ሰርቨር፦ ዳታቤዙ፣ ማለትም postgres፣ ለብቻው ይቀመጣል፣ ኪራዩም ሁለት ይሆናል። አፑ ሜሞሪ ቢጨርስም ዳታቤዙን ይዞት አይወድቅም። ግን ቀስቱ አሁን በኔትወርክ ይሻገራል፤ ፋየርዎሉ የአፑን አይፒ ብቻ ያስገባ፣ ግንኙነቱም በቲኤልኤስ ይመስጠር።

ተጠቃሚው ጥቂት ከሆነና የሚጠብቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ አንዱ ይበቃል። `137` ከተደጋገመ ወይም ሌላ አፕ ያንኑ ዳታ ከፈለገ ሁለተኛውን ተከራዩ። ባክአፑ ግን በሁለቱም ከሰርቨሩ ውጭ ይቀመጥ።