ኮላጃችሁን የሚያዋህድላችሁ የቱ ነው? ክሪታ፣ ፎቶሾፕ ወይስ ጀሚናይ

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ባነርና የምግብ ቤት ማስታወቂያ ለምትሠሩ ነው የምጽፈው። ምን የት እንደሚቀመጥ ምስል ለሚሠራ የኤአይ ሞዴል በቃላት ማስረዳት አድካሚ ነው። «ሳህኑ በቀኝ፣ ጀበናው ከኋላው ትንሽ ወደ ግራ» ብሎ ከመጻፍ ፎቶዎቹን በግርድፉ ቆርጦ ቦታ ቦታቸው ላይ መለጠፍ፣ ማለትም ኮላጅ መሥራት፣ ይቀላል። ብርሃኑን፣ ጥላውንና ጠርዙን ሞዴሉ ያስማማዋል። ይህን የሚሠሩ መሣሪያዎች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ከመክፈላችሁ በፊት ልዩነታቸውን ማየት ይጠቅማል።

ለማነጻጸሪያ አንድ ሥራ እንያዝ፦ ሐይቅ ከተማ ላለ ዓሣ ቤት የሚሆን ባነር። ቁርጥራጮቹ ሦስት ናቸው። ጀርባው በማለዳ የተነሳ የሐይቁ ፎቶ ነው፤ ብርሃኑ ከግራ ይመጣል። በቀኝ በኩል የተጠበሰ ቆሮሶ የያዘ ሳህን አለ፤ ማታ በስልክ ፍላሽ ስለተነሳ ዘይቱ ላይ ነጭ ነጸብራቅ ይታያል፣ ጥላ የሚባል የለውም። ሦስተኛው ጀበና ነው፤ ከነጭ ግድግዳ ፊት ተነስቶ ስለተቆረጠ ዙሪያውን ቀጭን ነጭ መስመር ቀርቶበታል። ደንበኛው የሚፈልገው ቀላል ነው፦ ሁሉም በአንድ ጠዋት አንድ ጠረጴዛ ላይ የተነሳ እንዲመስል፣ ዓሣው ግን የእሱ ዓሣ ሆኖ እንዲቀር።

ክሪታ፣ በራሳችሁ ኮምፒውተር

ክሪታ ነፃ የሥዕል ፕሮግራም ነው። ኮላጁን የሚያዋህደው የኤአይ ዲፊውዥን ተጨማሪውም ነፃ ነው። ወጪው ኮምፒውተሩ ላይ ነው፦ ጠንካራ ግራፊክ ካርድ ያስፈልጋል፣ የኤንቪዲያ ቢሆን ይመረጣል፤ 6 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ያስጀምራል፣ 12 ያለው ደግሞ እንደ ኤስዲኤክስኤል ያሉትን ሞዴሎች ሳይጨናነቅ ያሠራል። ሞዴሎቹን አንዴ ካወረዳችሁ በኋላ ኢንተርኔት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። መብራት ሲጠፋ ግን ይቆማል፤ እንዲህ ያለ ካርድ ያለው ዴስክቶፕ ብዙ ኃይል ስለሚበላ ትንሽ ዩፒኤስ ብዙ አያቆየውም።

ይህን መሣሪያ ከሌሎቹ የሚለየው Strength የሚለው መቆጣጠሪያ ነው። ዘዴው በ2021 (እ.ኤ.አ.) ኤስዲኤዲት በተባለ ጥናት የቀረበው ነው። ሞዴሉ ኮላጃችሁ ላይ በStrength ልክ ነጠብጣብ ይበትንበታል፣ ከዚያ ነጠብጣቡን እያጸዳ ሥዕሉን እንደገና ያወጣዋል። ትልልቅ ቅርጾችና ቀለሞች ከነጠብጣቡ ሥር ስለሚተርፉ አቀማመጡ ይጠበቃል። ጥቃቅኑ ነገር ግን ይሰጥማል፤ እሱን ሞዴሉ ከራሱ ይሞላዋል። Strength ከ100 በታች ሲሆን Generate የሚለው ቁልፍ Refine ወደሚል ይቀየራል።

በባነራችን ላይ 30 ገደማ ብትሰጡት የጀበናው ነጭ መስመር እንዳለ ይቀራል፣ የፍላሹም ነጸብራቅ አይለቅም። 50 አካባቢ ጠርዞቹ ይጠፋሉ፣ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ «ይቀመጣል»። ወደ 70 ስትሄዱ አቀማመጡ ገና ይታያል፤ ዓሣው ግን ሌላ ዓሣ ነው፣ ጀበናውም ማንቆርቆሪያ መምሰል ይጀምራል፤ ሞዴሎቹ የተማሩት ከሻይ ማፍያ ፎቶ እንጂ ከጀበና ብዙ አይደለምና። ቁጥሮቹ እንደ ሞዴሉ ትንሽ ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

ከቁጥሩ በላይ የሚጠቅመው ኮላጁን ማዘጋጀት ነው። ከሳህኑ በስተቀኝ ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ ጥቁር ቡናማ ጥላ በግምት ቀቡ፤ ብርሃኑ ከግራ ነውና። የጥላው ቅርጽ ባያምርም ግድ የለም፣ ሞዴሉ እንደ ጥላ ተቀብሎ ያስተካክለዋል። ካልቀባችሁ ግን በ50 ላይ ጥላውን ከየትም አያመጣውም፤ ሳህኑ የተንሳፈፈ ይመስላል። ጠረጴዛውን ደግሞ በአንድ ወጥ ቀለም ከሞላችሁት ውጤቱም ወጥ፣ ካርቶን መሳይ ይሆናል። በላዩ ትንሽ ነጠብጣብ ጨምሩበት ወይም የእውነተኛ እንጨት ፎቶ ቁራጭ ለጥፉበት። ነጸብራቁንም እንደዚሁ ቀድማችሁ በአካባቢው ቀለም አደብዝዙት።

ከዚያ በኋላ ዓሣውን የማዳን ሥራ ይቀራል። ዋናውን የሳህን ፎቶ ከተዋሃደው ሥዕል በላይ በሌየር መልሱት፣ ቀለሙን ወደ ማለዳው አስጠጉት፣ ጠርዙን በማስክ አለስልሱት። ዓሣው ከፎቶው፣ ጠርዙና ጥላው ከሞዴሉ ይሆናል። ሳህኑ ከቦታው ስላልተነሳ ይህ በደንብ ይገጥማል፤ የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው።

ፎቶሾፕ

ፎቶሾፕ ውስጥ Harmonize የሚባለው መሣሪያ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። የተቆረጠውን ሌየር ከጀርባው ብርሃንና ቀለም ጋር ያስማማል፣ ጥላም ይጥልለታል። ሳህኑን ትመርጣላችሁ፣ ትጫናላችሁ፣ ማለዳ ይሆናል። ጥላ በእጅ መቀባት አያስፈልግም። ብቃት ያለው ግራፊክ ካርድ ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሥራው የሚካሄደው በአዶቤ ሰርቨር ላይ ነው።

ገደቡ፣ የሚሠራው በአንድ አንድ ሌየር ነው። ሳህኑና ጀበናው ለየብቻ ስለሚስማሙ አንዱ የሌላው ላይ የሚጥለው ጥላ ብዙ ጊዜ ይጎድላል። በግርድፍ የተቆረጠ ቅርጽንም እንደ ክሪታ አያቀልጠውም፤ ነጩን መስመር አስቀድማችሁ ማጽዳት አለባችሁ። ወርሃዊ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ በእያንዳንዱ አጠቃቀም ላይም ክሬዲት ይቆረጣል። ቀድሞውኑ ፎቶሾፕ የምትከፍሉ ከሆነ ሌላ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩት። ለዚህ ብቻ ብላችሁ መመዝገብን ግን አልመክርም።

ጀሚናይ

እዚህ ኮላጁን ትሰጡታላችሁ፣ የምትፈልጉትን ትጽፋላችሁ። በነሐሴ 2025 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ጀሚናይ 2.5 ፍላሽ ኢሜጅ በኤፒአይ፣ ማለትም ከሌላ ፕሮግራም ተጠርቶ፣ ሲሠራ ለአንድ ምስል 0.039 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ያስከፍል ነበር። መመሪያው አጭርና ጥብቅ ቢሆን ይሻላል፦

```
Keep every object in the same place, size and shape.
Only match light, shadow and color.
Soft morning light from the left.
```

ጥላና ነጸብራቅን በመረዳት ከሦስቱ ይህን አስቀድማለሁ፤ ፍላሹን አጥፍቶ ውሃው ላይ የማለዳ ብርሃን ያስገባል። ችግሩ Strength የሚባል ነገር የለውም። «አትንካ» ብትሉትም ሳህኑን ትንሽ ሊያንቀሳቅስ፣ ምስሉን ሊያጠብብ ይችላል። ይህን ለማወቅ ውጤቱን ከኮላጁ በላይ አድርጋችሁ ግልጽነቱን 50 በመቶ አድርጉት፤ የሳህኑ ጠርዝ ድርብ ሆኖ ከታየ ተንቀሳቅሷል፣ ዋናውን ዓሣ መመለስም አይገጥምላችሁም። ምስሎቹ ሲንትአይዲ የተባለ የማይታይ ምልክት እንዳለባቸውም እወቁ።

እኔ ብገዛ

የእውነተኛ ዕቃ ማስታወቂያ ዘወትር የሚሠራ ቤት፣ ሸማ ይሁን ማር ወይም ምግብ፣ ገንዘቡን 12 ጊጋባይት ካርድ ላይ ያውለው፤ ዕቃው ሳይለወጥ ጀርባው የሚዋሃደው Strength እና ማስክ በእጃችሁ ሲሆኑ ነው። በወር አንድ ሁለት ባነር ለሚሠራ ጀሚናይ ይበቃዋል፣ በተለይ ዓሣው የግድ ያው ዓሣ መሆን የሌለበት ድባብ ብቻ ሲፈለግ።

የምግብ ቤቱን ስም ግን ለአንዳቸውም አትስጡ። ኮላጁ ላይ የግዕዝ ፊደል ካለ በ50 ላይ «ሐ» እግሯ ይጎድላል፣ «ቅ» ምን እንደሆነ የማይታወቅ ምልክት ይሆናል። ለጽሑፉ ባዶ ቦታ ብቻ ተዉለት፤ ፊደሉን ምስሉ ካለቀና መጠኑ ለማተሚያ ከተጨመረ በኋላ በቬክተር አስገቡት።