የ1969ኙ ሸክላ ወይስ አዲሱ እትም?

ሸክላ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ከ1987 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር ከሲዲ በልጦ ተሸጧል። ዘፈኑ ስልኩ ላይ ቢኖርም ሰው በእጁ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ግን የድሮው ይሻላል ወይስ አዲሱ? በ1969 የወጣውን የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የሌድ ዘፔሊንን ሁለተኛ አልበም እንይ።

የመጀመሪያው እትም፦ ሸክላው የሚታተምበትን የአሜሪካውን ማስተር የቀረጸው ቦብ ሉድዊግ ነው። ባሱን አልቆጠበም። በርካሽ ማጫወቻ ላይ መርፌው እየዘለለ ሲያስቸግር፣ ኩባንያው ድምፁን አለዝቦ እንደገና አስቀረጸው። ሰብሳቢዎች የሚያሳድዱት ያንን የመጀመሪያውን ነው። ሽፋኑ አይነግራችሁም። ዘፈኑ ካለቀበት እስከ መሃሉ ወረቀት ባለው ባዶ ቦታ ላይ በእጅ የተጫረውን የሉድዊግን ምልክት «አር ኤል» ፈልጉ። ሁለቱንም ገጽ እዩ፤ አንዱ ላይ ብቻ ያለበትም አለ። ዋጋው በመቶዎች ዶላር ነው። ትልቁ አደጋ ደግሞ በድሮ ከባድ መርፌ የተበላ መስመር ነው። ለዓይን ንጹሕ ይመስላል፣ ድምፁ ከፍ ሲል ግን ይሻክራል። ስለዚህ ሳትሰሙ አትግዙ።

አዲሱ፦ የ2014ቱን እትም የባንዱ ጊታር ተጫዋች ጂሚ ፔጅ ራሱ ነው ያዘጋጀው። ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይገኛል፣ ጭረት የለውም።

ጥሩ ማጫወቻ ካላችሁና ያንን የከበሮ ጉልበት ከፈለጋችሁ፣ «አር ኤል»ን በትዕግሥት ፈልጉ። ለዕለት ተዕለት ማዳመጥ ከሆነ የ2014ቱን ውሰዱ።